ፀሐይ ያቃጠለው ፊት ላይ ሎሚ አይጨመቅም

«ፀሐይ የሚያቃጥለው ነጭን ነው። እኛ ሐበሾች እንጠቁር ይሆናል እንጂ አንቃጠልም። ፊታችሁ ከጠቆረ ሎሚ ጨምቃችሁ እሹት። ካንገበገባችሁ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ቀቡት፤ እሬትም ይሆናል። መላጥ ሲጀምር ልጣችሁ ጨርሱት። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ አፍስሱት፤ ቶሎ ይደርቃል። ትኩሳት ከመጣ ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ጠጥታችሁ ተኙ። ለዚህ ክሊኒክ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።»

ከጥምቀት ወዲህ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመው ጽሑፍ ባጭሩ ይኸው ነው። ጸሐፊው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ይገባኛል። ከእናቶቹ የሰማውን ነው ያካፈለው። ከዘረዘረው ውስጥ የምስማማበትም አለ። እኔ ግን የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ምክሩን ተከትለው ፊታቸው የባሰባቸው ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው እያሳዩኝ «አሁንስ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ስለዚህ በየተራ ልመልስ።

ከቆዳ ቀለም ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የፀሐይን ጨረር በእርግጥ ይመክታል። በፀሐይ መከላከያ ክሬሞች ላይ በሚጻፈው ቁጥር ብንለካው፣ በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው 13 ገደማ መከላከያ አለው ይባላል። የነጭ ቆዳ 3 ገደማ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን 13 ማለት ጭራሽ አያስገባም ማለት አይደለም። ሰው ቶሎ አይቃጠልም ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ሜዳ ላይ ከዋለ ያም ይቃጠላል። ደግሞ ሁላችንም አንድ ቀለም የለንም። ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች እንኳ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር ይሆናሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ሜላኒን የላቸውም ወይም በጣም ትንሽ ነው ያላቸው። «ሐበሻ አይቃጠልም» የሚለውን አምኖ ልጁን ያለ ባርኔጣ የሚሰድ ወላጅ አልቢኒዝም ያለበትን ልጅ ለከባድ ጉዳት ያጋልጠዋል።

ጽሑፉ ጨርሶ የዘነጋው ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጨረሩ ብርታት የሚለካው ዩቪ ኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ነው። 11 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ውስጥ ያስገባዋል። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን አካባቢ ከ11 ማለፍ የተለመደ ነው። ሰውን የሚያታልለው ነፋሱ ነው። የሚያቃጥለን ሙቀቱ ሳይሆን ለዓይን የማይታየው ጨረር ነው። ጥር ላይ ጥላ ስር ሆነን ይበርደናል፤ ሜዳው ላይ ስንወጣ ግን ጨረሩ ከበረሃ አያንስም። ስስ ደመና ቢኖርም አብዛኛው ያልፋል።

እንግዲህ «አልተቃጠልኩም» የምንለው ለምንድን ነው? መቅላቱ ስለማይታየን ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ቃጠሎ ከሩቅ ይለያል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ከመሆን ይልቅ ጠቆር፣ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ አንዳንዴ ምንም አይታይም። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በእጅ ፈልጉት። በእጃችሁ ጀርባ መጀመሪያ ልብስ ሸፍኖት የዋለውን ቆዳ ንኩ፤ ቀጥሎ ፀሐይ ያገኘውን። ሁለተኛው የሚሞቅ፣ የተወጠረ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ተቃጥሏል። ይህ ስሜት የሚጀምረው ፀሐይ ላይ ከተዋለ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ነው። በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ይብሳል። ቀን ደህና የነበረ ሰው ሌሊት ትራሱ የሚያንገበግበው ለዚህ ነው።

ሎሚውን በሚመለከት ግን ምንም የምስማማበት የለኝም። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝም ይኸው ምክር ነው። አንዲት ወጣት ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ልጅቱ ለብጉር በሐኪም የታዘዘላት ዶክሲሳይክሊን እየወሰደች ነበር። የጥምቀት ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ድረስ ጃንሜዳ ዋለች። ነጠላዋ ከራሷ እየተንሸራተተ ትከሻዋ ላይ ነው የዋለው። ማታ ግንባሯ፣ አፍንጫዋና የአንገቷ ሥር ተወጥሮ ይሞቅ ጀመር። በማግስቱ ፊቷ ጠቁሮ ስታየው ጽሑፉን አስታወሰች። ሎሚ ቆርጣ ፊቷን አሸችና ታቦተ ሚካኤልን ለመሸኘት ተመልሳ ፀሐይ ላይ ወጣች። እኔ ጋ የመጣችው ጥር 14 ነው። አገጯ ስርና አንገቷ ላይ ውሃ ቋጥሯል። የገረመኝ ቅርጹ ነው። ዝም ብሎ የተበተነ ሳይሆን፣ ከአገጯ ወደ ታች እንደ መስመር የወረደ ነበር። የሎሚው ጭማቂ በተንጠባጠበበት መንገድ ማለት ነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። ሎሚ ውስጥ፣ በተለይ በእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው የቆዳውን ሴሎች ይጎዳሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በአንድ ቀን ገደማ ይጀምርና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ሰው ከሎሚው ጋር የማያያይዘው በዚህ የተነሳ ነው። ሲድን ደግሞ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት ይቆያል። ጥቁረት ለማስለቀቅ የተቀባው ሎሚ ሌላ ጥቁረት ያመጣል። ጤና አዳምም ውስጥ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቀጥቅጦ ቆዳ ላይ መለጠፍና ፀሐይ ላይ መውጣት ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሎሚ የነካው ቆዳ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ከፀሐይ መራቅ አለበት። ሎሚ ጨምቃችሁ ከሆነ እጃችሁንም ታጠቡ።

የልጅቱ መድኃኒትም ድርሻ ነበረው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳ ለፀሐይ ቶሎ እንዲሸነፍ ያደርጋል። ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስዱ ከሆነ ጥቁር ቆዳ አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ፤ እስከዚያው ባርኔጣና ጥላ አይለያችሁ።

ስለሚቀባው ነገር ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሏል። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ቅቤን በፍጹም አልመክርም። ንጹሕ አይደለም፤ የተጎዳ ቆዳ ላይ ደግሞ ጀርም የሚገባበትን በር ማስፋት ነው። ሌላው ችግር ቅባቱ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ማስቀረቱ ነው። ቫዝሊንም በመጀመሪያው ቀን፣ ቆዳው ገና እየፋመ ሳለ፣ ልክ እንደ ቅቤ ያፍናል። ቃጠሎው ከበረደና መላጥ ከጀመረ በኋላ ግን ቫዝሊን ጥሩ ነው፤ የደረቀውን ያለሰልሳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ጸሐፊው የሳተው ጊዜውን ነው።

እሬቱን እቀበላለሁ፣ አጠቃቀሙን ግን ልጨምርበት። ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። የተቆረጠውን ቅጠል አቁማችሁ ፈሳሹ ጨርሶ ይውረድ፤ ከዚያ አጥባችሁ ልጡን አንሱና የውስጡን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሞክሩት። ካሳከካችሁ ተዉት።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ቅባት ሳይሆን ውሃ ነው። ጽሑፉ ስለ ውሃ አንድም ቃል የለውም። ቆዳው መሞቅ እንደጀመረ ከፀሐይ ውጡ። ከቧንቧ የሚወርድ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በቂ ነው። ፎጣ ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁና የተቃጠለው ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አኑሩት፤ ሲሞቅ መልሳችሁ ንከሩት። ይህን በቀን ደጋግሙት። ቃጠሎው ጀርባንና ትከሻን የያዘ ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ሻወር መውሰድ ይቀላል፤ ሳሙናው ግን እዚያ ቦታ ላይ ይቅር። በረዶ አታድርጉ። ጨረር የጎዳው ቆዳ ላይ የበረዶ ጉዳት መጨመር ይሆናል። የጥርስ ሳሙናም የሚቀዘቅዘው ለስሜት ብቻ ነው፤ ቆዳውን ያቆጣዋል።

ከታጠባችሁ በኋላ አትሹት። በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አንሱና ቆዳው ገና ርጥበት እያለው ሽቶ የሌለው ቀለል ያለ ሎሽን ቀቡት። ያ ርጥበት እንዳይተን የሚይዘው ሎሽኑ ነው፤ ደርቆ ካለቀ በኋላ መቀባት ጥቅሙ ያንሳል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ደግሙት። የላላ የጥጥ ልብስ ልበሱ። ውሃ ከወትሮው በላይ ጠጡ፤ የተቃጠለ ቆዳ ፈሳሽ ወደ ራሱ ይስባል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሆናል። አዋቂ ከሆናችሁና የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ከሌለ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ምግብ በልታችሁ በየ8 ሰዓቱ ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ብትወስዱ ሕመሙንና እብጠቱን ይቀንሳል። «ቶሎ እንዲጠፋ» ብለው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም ለፊታቸው የሚጠይቁኝ አሉ። ለፊት ቃጠሎ እነዚህን ያለ ሐኪም አልሸጥም፤ ቆዳ ያሳሳሉ።

ወደ መላጡ እንምጣ። መላጥ የሚጀምረው ከቃጠሎው ከ3 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጨረሩ የሴሎቹን የውስጥ መረጃ፣ ዲ ኤን ኤውን ጎድቶታል። ሰውነት የተጎዱትን ሴሎች እንዲሞቱ ያደርግና ከስር አዲስ ቆዳ ያዘጋጃል። ከላይ ያለው ልጣጭ የሚለቀው ከስር ያለው ሲደርስ ነው። በጥፍር ስንስበው ያልደረሰውንም አብረን እንነቅላለን። ቦታው ይደማል፣ ያንገበግባል፣ እኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ መሳይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። የተንጠለጠለው ጫፍ ልብስ እየያዘ ካስቸገራችሁ በንጹሕ መቀስ ጫፉን ብቻ ቁረጡት። የቀረውን በሎሽን ወይም በቫዝሊን አለስልሱት፤ ራሱ ይወድቃል። አዲሱ ቆዳ ለሳምንታት ስስ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ስትወጡ ሸፍኑት።

ውሃ የቋጠረው ነገር ከዚህ ይለያል። ቃጠሎው ከላይኛው ሽፋን አልፎ ጠለቅ ማለቱን ነው የሚነግረን። ያ የተነፋ ቆዳ ከስሩ ያለውን ጥሬ ሥጋ ከጀርም የሚጠብቅ ንጹሕ ክዳን ነው። ቤት ውስጥ ያለ መርፌ በእሳት ቢለበለብም ክዳኑን ከቀደደ በኋላ ጀርሙ ከእጅ፣ ከአቧራ፣ ከልብስ ይገባል። ስለዚህ አታፍስሱት። ልብስ የሚነካው ከሆነ የማይጣበቅ ጎዝ አኑራችሁ ላላ አድርጋችሁ በፋሻ ሸፍኑት። ራሱ ከፈረጠ በውሃና በለስላሳ ሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡት፤ ልጣጩን አትንቀሉት፤ ስስ አድርጋችሁ ቫዝሊን ቀቡና ሸፍኑት። ጎዙን በየቀኑ ቀይሩ። ጥቂት ትንንሽ ከሆኑና ክንድ ወይም ጀርባ ላይ ከሆኑ ይህን ቤት ማድረግ ይቻላል።

ውሃ የቋጠረው ፊት ላይ፣ እጅ ላይ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የያዘው ቦታ ከተቃጠለው ሰው መዳፍ ጣቶቹን ጨምሮ የሚሰፋ ከሆነም ሂዱ። ዓይን ከታመመ ወይም ማየት ከደበዘዘ ነገ አትበሉ። ከፈረጠ በኋላ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው እየሰፋ ካበጠ፣ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ጀርም ገብቶበታል ማለት ነው። መግል በእሬት አይመለስም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ውሃ እስኪቋጥር መጠበቅ የለብንም። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቆዳው በፀሐይ ከተቃጠለ በዚያው ዕለት ይታይ።

የመጨረሻው ምች ነው። ይህን ነጥብ አላናንቅም። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እንደሚወጣበት እናቶቻችን በትክክል አይተዋል። ፀሐይ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረን የሄርፒስ ቫይረስ እንደሚቀሰቅስ የዛሬ ሐኪምም ይስማማበታል። ዳማ ከሴም በዘመናት ልምድ የቆየ ቅጠል ነው፤ ሽታው የሚያሳርፈው ሰው አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ትኩሳትን ሁሉ ለምች መስጠቱ ነው።

ከፀሐይ ቃጠሎ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንዱ ራሱ ቃጠሎው ነው። ሰፊ ቆዳ ሲቃጠል ሰውነት የሚለቃቸው ኬሚካሎች ብርድ ብርድ ያሰኛሉ፣ ያተኩሳሉ። ይህ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በአንድ ሁለት ቀን ይወርዳል። ቀላል ከሆነና ሰውየው እየጠጣ፣ እየሸና፣ በደንብ እያወራ ከሆነ ፓራሲታሞልና ዕረፍት ይበቃዋል። 39 ዲግሪ ከደረሰ፣ ትውከት ከተጨመረ፣ ሽንቱ ካነሰና ከጠቆረ፣ ሲቆም ራሱ ከዞረ ግን የደም ሥር ፈሳሽ ሊያስፈልገው ስለሚችል ክሊኒክ ይሂድ።

ሁለተኛው የቁስል ኢንፌክሽን ነው፤ የሚለየው በጊዜው ነው። ቃጠሎው እየበረደ ሳለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንደ አዲስ የሚነሳ ትኩሳት ከፀሐዩ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው፣ የሰውነት ሙቀት ከቁጥጥር ወጥቶ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ሰውየው ይቃዣል፣ ይንገዳገዳል፣ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ቅጠል መቀቀል ቀርቶ ክሊኒክ እስኪደረስ መጠበቅም አይቻልም። አምቡላንስ እየተጠራ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት። ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት።

አራተኛው ከፀሐዩ ጋር የገጠመ ወባ ነው። ጥምቀትን ከዘመድ ጋር ለማክበር ቆላ የወረደ ሰው ፀሐዩ ያቃጥለዋል፣ ትንኟም ትነክሰዋለች። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያተኩሰው የሚያስታውሰው የተላጠ ፊቱን ነው። «ምች ነው» ተብሎ ሲተኛ ቀናት ያልፋሉ። ጤና ጣቢያ ላይ ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቅ ነበር። ጸሐፊው ገንዘብ መጣል ያለው ይህን ምርመራ ነው። የዘገየ ወባ ወደ ከባድ ደረጃ ከገባ በኋላ የሚጠይቀው ወጪ ከዚያ አይነጻጸርም።

ስትሄዱ ለነርሷ አራት ነገር ንገሯት። ፀሐይ ላይ መቼና ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ፣ ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን እንደጀመረ፣ ከተቃጠላችሁ ወዲህ ምን እንደተቀባችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ። ሎሚም፣ ቅቤም፣ ዳማ ከሴም ከሆነ አትደብቁ። ልጅቱ ሎሚውን መጀመሪያ አፍራ ደብቃኝ ነበር። መስመሩን አይቼ ባልጠይቃት ኖሮ የብጉር መድኃኒቷ አለርጂ ነው ብዬ ልሸኛት ነበር። ጤና ጣቢያ ላክኋት። ቁስሏ ታጥቦ ተሸፈነላት፤ ዶክሲሳይክሊኑንም ያዘዘላት ሐኪም በሌላ ቀየረላት።